ከአራቱ ፎቶግራፎች የትኛው ይቅደም?
(ለባዮሎጂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ለላቦራቶሪ ሪፖርት በማይክሮስኮፕ የተነሡ ፎቶግራፎችን ስናቀርብ «የተሻለውን አስቀድሙ፤ የቀሩትንም በየደረጃቸው አስከትሉ» መባላችን የተለመደ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዓይን ግን በዚህ ሥራ ቶሎ የሚታለል ዳኛ ነውና፥ ይህንኑ በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት አስበናል።

ምሳሌያችን በጊምሳ የተቀለመ ስስ የደም ስሚር ነው። ጥያቄው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው የወባ ተሐዋሲ ቫይቫክስ ነው ወይስ ፋልሲፓረም የሚል ነው። ሁለቱም በአገራችን ይገኛሉ፤ ቫይቫክስ ግን በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ስለሚያገረሽ ሕክምናው ይለያል። ቫይቫክስ ያለበት ሕዋስ ተለቅ ይላል፤ በውስጡም የሹፍነር ነጠብጣብ የሚባሉ ደቃቅ ሮዝ ነጥቦች ይታያሉ። ስለዚህ ጥሩ ፎቶግራፍ የምንለው እነዚህ ነጥቦች ካሉ የሚያሳየንን እንጂ ለግድግዳ የሚያምረውን አይደለም።

እንግዲህ ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ የተባሉ አራት ፎቶግራፎች ቀረቡልን እንበል። ሁሉም ከአንድ ሰው ደም፥ በ100 እጥፍ የዘይት ሌንስ የተነሡ ናቸው።

ሀ መጀመሪያ ሲያዩት ደስ ያሰኛል። የየሕዋሱ ጠርዝ በጥቁር መስመር የተከበበ ያህል ጎልቶ ይታያል። ይህ የመጣው ግን የኮንደንሰሩ ብርሃን መክፈቻ እጅግ ስለጠበበ ነው። መክፈቻው ሲጠብ ኮንትራስቱ ይጨምራል፤ ሌንሱ ደቃቅ ነገሮችን የመለየት ኃይሉ ግን ይቀንሳል። ነጠብጣቦቹ እርስ በርሳቸው ይደባለቃሉ፤ አቧራውም በብርሃን ቀለበት ተከቦ ተሐዋሲ መስሎ ይታያል። መድኃኒቱ የዓይን ሌንሱን አውጥቶ በቱቦው ቁልቁል እየተመለከቱ፥ ብርሃኑ ከክቡ ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ እስኪሞላ ድረስ መክፈት ነው። ለ የተነሣው እንደዚህ ነው። ከሀ ጋር ሲተያይ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ነጥቦቹ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ሐ ከፎከስ ወጥቷል። በዚህ ሌንስ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ሲሆን፥ ቀይ ሕዋስ ወደ ሁለት ማይክሮን ይወፍራል። በመሆኑም የረቂቁ ማስተካከያ ትንሽ ከዞረ የሕዋሱ ጠርዝ እንደ ድርብ መስመር ይሆናል፤ የተሐዋሲው ክሮማቲንም ይደበዝዛል። ከፎከስ የወጣውን ፎቶግራፍ በኋላ በኮምፒዩተር ማሳመር ጠርዙን ያደምቅ ይሆናል እንጂ ያልተነሣውን አያመጣም።

መ ከሌላ ስላይድ የተነሣ ነው። ፎከሱ የሰላ፥ ኮንትራስቱም ደኅና ነው። ነገር ግን ቀለሙ የተበጠበጠው ፒ ኤቹ 7.2 በሆነ ውሃ ሳይሆን አሲድነት ባለው ውሃ ነው። ቀይ ሕዋሶቹ ከመጠን በላይ ቀልተዋል፤ ክሮማቲኑ ገርጥቷል፤ የሹፍነር ነጠብጣብም አይታይም። ይህን ለማወቅ በአጠገቡ ያለውን ነጭ የደም ሕዋስ ማየት ይበቃል። ኑክሊየሱ ደማቅ ሐምራዊ ካልሆነ፥ ስለ ተሐዋሲው ቀለም የምንናገረው ሁሉ መሠረት የለውም።

አሁን ደረጃ እንስጥ። ብዙዎቻችን እንደምናደርገው ለፎከስ፥ ለኮንትራስትና ለማቅለም ለያንዳንዱ ከ5 ነጥብ እየሰጠን እንደምር። ሐ 2፥ 3 እና 5 አግኝቶ 10 ይሆናል። መ ደግሞ 5፥ 4 እና 2 አግኝቶ 11 ይሆናል። በድምሩ መሠረት መ ሐን ይቀድማል ማለት ነው። እኛ ግን አንቀበለውም። ሐ ጉድለቱን ራሱ ይናገራል፤ ያየው ሰው ሁሉ «አይታይም» ብሎ ያልፈዋል። መ ግን በሰላ ምስል «ነጠብጣብ የለም» እያለ ቫይቫክስን ከጥርጣሬ ውጭ ያደርግብናል። ስለዚህ ማቅለም እንደ በር ይቆጠር። በነጭ ሕዋሱ ምስክርነት ያላለፈ ፎቶግራፍ ከውድድሩ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለፉት በፎከስ፥ ቀጥሎም በኮንትራስት ይበላለጡ። በዚህ ሥርዓት ለ አንደኛ፥ ሀ ሁለተኛ፥ ሐ ሦስተኛ ይሆናሉ፤ መ ደረጃ አያገኝም። ሀ ከሐ የቀደመው የሕዋሱን መጠንና የተሐዋሲውን ቅርጽ ስለሚያሳይ ብቻ ነው።

ጥያቄው ሌላ ቢሆን ደረጃውም ይለወጣል። የቀይ ሕዋሶችን ቁጥር ብቻ ብንፈልግ ኖሮ መ ደኅና አድርጎ ያገለግለን ነበር። ስለሆነም በሪፖርቱ ውስጥ ከደረጃው በፊት ጥያቄው ይጻፍ። ብርሃኑን ወይም ቀለሙን በኮምፒዩተር ያስተካከለም፥ አራቱንም እኩል አስተካክሎ ይህንኑ በሥዕሉ ግርጌ ያመልክት። ደረጃ የሚሰጠውም ፎቶግራፉን ያነሣው ተማሪ ሳይሆን፥ የትኛው በማን እንደተነሣ የማያውቅ የሥራ ጓደኛው ቢሆን ይመረጣል።