የፈረቃ ሰዓት እና ዕለቱ

ዛሬ ስለ ፈረቃ ሰዓት እናወራለን። የእኛ ሰዓትና የሃያ አራት ሰዓቱ አቆጣጠር አንዱን ደረጃ ከተለያየ ወለል ተነስተው እንደሚቆጥሩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ደረጃው ያው ነው፣ መነሻው ግን በስድስት ይለያያል። ስለዚህ የእኛን ወደ ሃያ አራቱ ለመለወጥ በቀኑ ሰዓት ላይ 6፣ በሌሊቱ ላይ ደግሞ ቆጠራው ከ12 በኋላ እንደ አዲስ ስለሚጀምር 18 ደምሩ። ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱለት። የንጋቱ 12 ሰዓት ከሌሊቱ ጋር ይቆጠራል።

«ታዲያ መደመር ምን ይከብዳል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ አይከብድም፤ የፈረቃ ሰዓት የሚያሳስተው ዕለቱ ላይ ነው። ሰኞ ማታ የገባች ነርስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተረካቢ ትጠብቃለች እንበል። ይህ በሃያ አራቱ 02:00 ነው፤ ዕለቱም ማክሰኞ ሆኗል። የፈረቃ ሰንጠረዡ ላይ «ሰኞ 02:00» ከተጻፈ ተረካቢው የሚመጣው አንድ ሌሊት ቀድሞ ነው። እናም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ «ለማክሰኞ አጥቢያ» እንደምንለው ዕለቱንም አሻግሩ።