እርጥብ ጣት፣ አዲስ መስታወትና የተረሳ ፒን
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያቀረበችው ንግግር)



እንደምታውቁት ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው። ዛሬ የምነግራችሁ በአንዲት እናታችን ላይ የደረሰውን ነው። «ስሜን አትጥሪ እንጂ ተናገሪው፣ ሌላዋ ትማርበት» ብላኛለች።

እትዬ የቁጠባ ቡድናቸው ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልካቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡና «ልጄ፣ ይሄ ስልክ አላውቅሽም አለኝ» አሉኝ። የጨነቃቸው ለስልኩ ብቻ አልነበረም። በክረምቱ ጣሪያው አፍስሶ የቡድኑ ደብተር ስለረጠበ፣ የሦስት ወር ቁጠባ የቀረው በስልኩ ውስጥ ባለው ፎቶ ብቻ ነበር። ገና ወደ አዲሱ ደብተር አልገለበጡትም።

ነገሩ የጀመረው አርብ ማታ ነው። ስክሪኑ እንዳይሰበር ብለው አዲስ ስክሪን ፕሮቴክተር አስለጠፉ። የእርሳቸው ስልክ አሻራ የሚያነበው ከስክሪኑ ሥር ነው። እንዲህ ያለው ስልክ ብዙውን ጊዜ በብርሃን ነው የሚሠራው፤ ስክሪኑ ጣታችን ላይ ያበራል፣ ከሥር ያለው ትንሽ መሣሪያ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣውን ምስል ያነባል። መስታወቱ ወፍራም ሲሆን፣ ወይም በመሐሉ አየር ሲገባ፣ ምስሉ ይደበዝዛል። አሻራቸው የተመዘገበው ደግሞ ያለዚያ መስታወት ነበር።

በማግስቱ ሊጥ እያቦኩ ሳለ ደንበኛ መልእክት ላከችላቸው። እጃቸውን ለቅለቅ አድርገው ጣታቸውን አሳረፉ። የጣት አሻራ ማለት ጉብ ያሉና ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ናቸው፤ ስልኩ የሚለየን በመስመሮቹ ልዩነት ነው። ውኃ ጎድጎዳውን ሲሞላው ጉብታውና ጎድጎዳው ይመሳሰሉበታል። በጎን ወይም በጀርባ በኩል የሚያነቡ ስልኮችም ላይ ውኃ ይኸንኑ ያደርጋል። ልብስ ስናጥብ ቆይተን ጣታችን ሲሸበሸብ ደግሞ በጨርቅ ማድረቅ ብቻውን አይበቃም፤ ቆዳው እስኪመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ስልኩ ይቆጥራል። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች አሻራው አምስት ጊዜ አልገጥም ሲል 30 ሰከንድ ያስጠብቃል። እትዬ ጠበቁ፤ ጣታቸውን በሽርጣቸው ጠረግ አድርገው እንደገና ሞከሩ። አሁንም አምስት፤ አሁንም መጠበቅ። በዚህ ዓይነት ሃያ ሲሞላ ስልኩ ጣት መቀበሉን ጨርሶ ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ጣቱ ቢደርቅም፣ ቢጠበቅም፣ የሚከፍተው ፒን ብቻ ነው። በአሻራ የሚከፈቱ አይፎኖች ደግሞ ሃያ አይጠብቁም፤ በአምስተኛው ቁጥሩን ይጠይቃሉ።

ይህ ብልሽት አይደለም፤ ስልኩ የተሰረቀ መስሎት የባለቤቱን ንብረት እየጠበቀ ነው። ትክክለኛው ፒን ሲገባ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፣ አሻራውም እንደገና ይሠራል። ስለዚህ ፒኑን ለምታውቅ ሴት ይህ ሁሉ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው።

እትዬ ግን ፒኑን አያውቁትም ነበር። ስልኩን ያስተካከለችላቸው ልጃቸው ናት። ስልክ ጠፍቶ ሲበራ አሻራ አይቀበልም፣ ፒን ይጠይቃል፤ ሳይጠፋም ቢሆን በየጥቂት ቀኑ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። በጠየቀ ቁጥር ልጅቷ ትነካካውና ትሰጣቸዋለች። አሁን እርሷ ዩኒቨርሲቲ ሄዳለች።

ቸኩለው የቴሌብር ፒናቸውን አስገቡ። እርሱ የቴሌብር ነው እንጂ የስልኩ አይደለም። ከዚያ የልደት ዓመት፣ ከዚያ የቤት ቁጥር። የፒን ስህተትም ይቆጠራል፤ አምስት ጊዜ ሲሳሳቱ መጠበቅ ይመጣል፣ መገመቱ ሲቀጥል የሚጠበቀው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። የጎረቤት ልጅ «ፎርማት ይደረግልዎት» ብሎ ላካቸው።

ፎርማት ማድረግ ስልኩን ይከፍተዋል፤ ነገር ግን ሌላ ቦታ ያልተቀመጠውን ፎቶና መልእክት ሁሉ ይጠርጋል። ከዚያም ብዙ ጊዜ ስልኩ በፊት የነበረበትን የጎግል አካውንት ይጠይቃል፤ እርሱንም የከፈተችው ልጅቷ ናት። ስለዚህ «እትዬ፣ ከእንግዲህ አንድም ቁጥር አይገምቱ፣ ልጅዎን እንፈልግ» አልኳቸው። በእኔ ስልክ ብንደውል አታነሳም፤ ፈተና ላይ ነበረች። መልእክት ትተንላት ቡና አፈላን።

ከሰዓት በኋላ የእትዬ ስልክ ራሱ ጠራ። የተቆለፈ ስልክ ሲደወልበት ይነሳል፤ ይህን ብዙዎቻችን አናውቅም። ልጅቷ ፒኑን ነገረቻቸው፣ በወረቀት ጻፍነው፣ የመጠበቂያው ጊዜ አልፎ ስለነበር አስገባነው። ተከፈተ። እትዬ መጀመሪያ ያደረጉት ፎቶዎቹን ለቡድኑ ጸሐፊ መላክ ነው።

ከዚያ አሻራውን አስተካከልን። መስታወቱን ሳየው አሻራ በሚያነብበት ቦታ ላይ አየር ይዟል፤ በቀጭንና ሙሉ በሙሉ በሚጣበቅ ቀየርነው። የድሮውን አሻራ ሰርዘን፣ እጃቸውን ታጥበው በደንብ ካደረቁ በኋላ በአዲሱ መስታወት ላይ አስመዘገብን። ሊጥ የማይነካውን የግራ እጅ አውራ ጣትም ጨመርን። በመጨረሻ ያልተመዘገበውን የእኔን ጣት አሳረፍኩበት፤ አልከፈተም። ይህን ሙከራ አትዝለሉት። በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አንዳንድ የሳምሰንግ ስልኮች በሲሊኮን ሽፋን ምክንያት በማንም ሰው ጣት ሲከፈቱ ተገኝተው ነበር። ስልኩ የሽፋኑን የውስጥ ንድፍ እንደ አሻራ ይቀበለው ስለነበር ኩባንያው ማስተካከያ ማውጣት ግድ ሆኖበታል።

ስልካችሁ አሻራ የሚያነበው በጎን ወይም በጀርባ ከሆነ ግን ስክሪን ፕሮቴክተሩን አትውቀሱ፤ ጣታችሁን ወይም ማንበቢያውን የሸፈነ ነገር ፈልጉ። በጎን የሚያነበው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ በእርጥብ እጅ ስታነሱት ሳታስቡት ትነኩትና ሙከራው ይቆጠርባችኋል።

እህቶቼ፣ አሻራ አቋራጭ በር ነው፤ ዋናው ቁልፍ ፒን ነው። እጃችሁ እርጥብ ሲሆን ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካለ ወደ ፒኑ ሂዱ፤ ሃያ እስኪሞላ አትታገሉት።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አሻራ የሚመዘገብበትን ክፈቱ፤ ፒን ይጠይቃችኋል። ካወቃችሁት መልካም። ካላወቃችሁትና ስልካችሁ እስካሁን በጣታችሁ ብቻ የሚከፈት ከሆነ መገመት አትጀምሩ። ዛሬውኑ፣ ገና ክፍት ሳለ፣ የቁጠባውን ፎቶ ለምታምኗት አባል ላኩ፤ ከዚያ ፒኑን ያወጣላችሁን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ፒኑን ስታገኙ በየሳምንቱ አንድ ቀን ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩና ራሳችሁ አስገቡት፤ ለልጅ አትስጡ።

እትዬ አሁን እንደዚያ ያደርጋሉ። የሦስቱ ወር ቁጠባም በአዲሱ ደብተር ላይ ሰፍሯል።