የጉባኤ ስም ምዝገባ፦ በወረቀት ወይስ በስልክ?

በጠቅላላ ጉባኤ ቀን ስም የምንመዘግበው ምልዓተ ጉባኤው መሙላቱን ለማወቅ ነው። ቆጠራው ከተሳሳተ የወሰንነውም ያጠራጥራል።

እንበልና ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ 300 አባላት መጣን። አንዷ ስሟን ፈልጋ ለመፈረም 20 ሰከንድ ቢፈጅባት፣ በአንድ ወረቀት 100 ደቂቃ እንሰለፋለን። ዝርዝሩን በየአካባቢው ከፍለን ሦስት ጠረጴዛ ብናስቀምጥና ከየአካባቢው እኩል ሰው ቢመጣ ግን 33 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየን ወረቀቱ ሳይሆን ሰልፉ አንድ መሆኑ ነው።

ስልክ ስም ቶሎ ያወጣል፤ ግን ፊደሉ ሲገጥም ነው። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችውን «ጸሀይ» ብለን ብንፈልጋት ብዙ ጊዜ አትገኝም። በቁቤ «Caaltuu» ተብላ የገባችውም «ጫልቱ» ሲባል አትወጣም። መዝጋቢዋ እንደ አዲስ ካስገባቻት አንዷ ሴት ሁለት ሆና ትቆጠራለች። ወረቀት ላይ ይህን ዓይናችን ይለየዋል፤ የወረቀት ችግሩ አንዷ ለቀረችው ጎረቤቷም መፈረሟ ነው።

ስለዚህ በስም ሳይሆን በአባልነት ቁጥር እንፈልግ፤ የስም ፊደል ልዩነት ቁጥርን አይነካም። በየአካባቢው ጠረጴዛ በቁጥር ተራ የታተመ ዝርዝር ለፊርማ ይቀመጥ፣ ስልኩ ለቆጠራ ይሁን። መብራት ቢጠፋ ወይም ባትሪ ቢያልቅ ፊርማው ይቀራል። በመጨረሻም ፊርማዎቹ ተቆጥረው ስልኩ ካሳየው ድምር ጋር ይመሳከሩ። ካልተስማሙ፣ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ልዩነቱ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ ይፈለግ።