የቀረ ቀጠሮ፣ ይቅርታና ምትክ ጊዜ በግንባታ ቦታ



በግንባታ ሥራ ላይ ከሚያዙት ቀጠሮዎች ሁሉ ቢቀር ብዙ የሚያስከፍለው አርማታ ከመሞላቱ በፊት የሚደረገው የፌሮ ፍተሻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኮንክሪቱ አንድ ጊዜ ከፈሰሰ በኋላ ፌሮው በትክክል መቀመጡን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ አይቻልም። በመሆኑም ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሳያይ ሥራው ወደፊት አይሄድም። መሐንዲሱ በቀረበት ቀን ካሳፎርማው ቆሞ፣ አሸዋና ጠጠሩ ተከምሮ፣ የቀን ሠራተኛው ተሰብስቦ ይውላል። ስለዚህ ከዚህ ቀጠሮ የቀረ መሐንዲስ ይቅርታ የሚጠይቅበትና ምትክ ጊዜ የሚያስይዝበት መንገድ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥራው አንድ ክፍል ነው።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይሻላል። አንድ የሥራ ተቋራጭ የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ ፌሮ ሥራ መጠናቀቁን ገልጾ፣ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን በ3፡00 ሰዓት ፍተሻ እንዲደረግ በጽሑፍ ያስታውቃል እንበል። ውሉና የደብዳቤ ልውውጡ በእንግሊዝኛ በመሆኑ ማስታወቂያውም የተጻፈው በዚያው ቋንቋ ነው፤ ሰዓቱ ግን በአገር አቆጣጠር ተቀምጧል፤ ጠዋት ይሁን ከቀትር በኋላ አልተመለከተም። መሐንዲሱ እንደ ደብዳቤው ቋንቋ ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ይኸውም ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ማለት ነው። ተቋራጩ ግን ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቅ ይቆይና በ5፡00 ሰዓት ስልክ ይደውላል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ግማሽ የሥራ ቀን ወሰደ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ በስልኩ ላይ የሚነገሩት ጥቂት ቃላት ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሹ ናቸው። ተቋራጩ፣ «ሁሉም ነገር በፕላኑ መሠረት ተሠርቷል፤ ሠራተኛው ተሰብስቧል፤ ይፍቀዱልንና እንሙላ» ማለቱ አይቀርም። የበደለ ሰው ደግሞ እምቢ ለማለት አንደበቱ አይደፍርም። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። መሐንዲሱ ለተቋራጩ ያለበት ዕዳ የጊዜ ዕዳ ነው፤ ያልታየውን ፌሮ እንደታየ አድርጎ በማጽደቅ ሊከፍለው አይችልም። በዚያ ሶሌታ ሥር የሚኖረው ሰው የቀጠሮው ተካፋይ አልነበረምና።

ተገቢው መልስ እንዲህ ያለ ነው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሳላየው ግን አይሞላም። ዛሬ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ልደርስ እችላለሁ፤ ካልሆነም ነገ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት እገኛለሁ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላችኋል?» ብዙዎች በዚህ ቦታ ላይ «በሚመቻችሁ ጊዜ» ማለትን ያዘወትራሉ። አነጋገሩ ትሕትና ቢመስልም፣ ጊዜ የመፈለጉን ድካም መልሶ በተበደለው ወገን ላይ ይጥላል። ሁለት የተቆረጡ ሰዓቶችን ማቅረብና ምርጫውን ለጠበቀው ወገን መተው ግን ሸክሙን በቀረው ሰው ላይ ያኖራል። በምሳሌያችን ተቋራጩ ሠራተኞቹን ለማሰናበት ስለተገደደ የነገውን ጠዋት ይመርጣል።

በስልክ የተባለው በዚያው ዕለት በጽሑፍ መጽናት አለበት። ደብዳቤው እንዲህ ሊነበብ ይችላል፤

«ለዛሬ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ተይዞ በነበረው የሁለተኛ ፎቅ ሶሌታ የፌሮ ፍተሻ ላይ አልተገኘሁም። ሰዓቱን ከቀትር በኋላ ነው ብዬ ተረድቼ ሳላረጋግጥ ቀርቻለሁ። ባለሙያዎቻችሁና ሠራተኞቻችሁ እኔን በመጠበቅ ላጠፉት ግማሽ ቀን ይቅርታ እጠይቃለሁ። በስልክ እንደመረጣችሁት ነገ ዓርብ ጥቅምት 15 ቀን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 25፣ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት፣ ይኸውም በፈረንጅ ከጠዋቱ 8፡00 ሰዓት፣ በሥራው ቦታ እገኛለሁ። እስከዚያ ድረስ አርማታው እንዳይሞላ አሳስባለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው የግሱ አቀማመጥ ነው። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች የተለመደው «ቀጠሮው ሳይፈጸም በመቅረቱ ለተፈጠረው መጉላላት» የሚለው አጻጻፍ ነው። በዚህ አባባል ቀጠሮው በራሱ የቀረ፣ መጉላላቱም ከሰማይ የወረደ ይመስላል። «አልተገኘሁም» የሚለው አንድ ቃል ግን ባለቤቱን ያሳውቃል። ሁለተኛው ምክንያቱ የተገለጸበት መንገድ ነው። ማስታወቂያው ግልጽ አለመሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ይቅርታ በሚጠየቅበት ደብዳቤ ላይ ይህን መጥቀስ ይቅርታውን ወደ ክስ ይለውጠዋል። መድኃኒቱ የተቀመጠው በአዲሱ ቀጠሮ ላይ ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፈዋል። ተቋራጩም የሚቀጥለውን ማስታወቂያ በዚሁ አርአያ ይጽፋል።

ጥፋትን በጽሑፍ ማመን ለካሣ ጥያቄ በር ይከፍታል ብለው የሚሰጉ አሉ። ስጋቱ መሠረት የለውም ባይባልም፣ መሐንዲሱ አለመምጣቱ በሥራ ቦታው የዕለት መዝገብ ላይ አስቀድሞ ሰፍሯል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊዲክ የውል ሁኔታም ቢሆን ሥራ ከመሸፈኑ በፊት ተቋራጩ ሲያስታውቅ፣ መሐንዲሱ ያለአግባብ ሳይዘገይ መጥቶ እንዲመረምር፣ ወይም ምርመራው እንደማያስፈልገው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ ያዛል። ዝም ብሎ መቅረት ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤው የሆነውን በልኩ መናገር እንጂ ስለ ገንዘብ ተስፋ መስጠትም ሆነ መካድ የለበትም፤ ያን የሚወስነው ውሉ ነው።

በመጨረሻም፣ ምትኩ ቀጠሮ የቀረው ቀጠሮ ቅጂ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። ሐሙስ ጠዋት የተስተካከለ ፌሮ ዓርብ ጠዋት እንደነበረ ላይገኝ ይችላል። ሠራተኞች ሲመላለሱበት፣ የኤሌክትሪክ ቧንቧ ዘርጊው ሲረግጠው፣ በተለይም ከድጋፎችና ከበረንዳ በላይ የሚዘረጋው የላይኛው ፌሮ ይሰምጣል። ውፍረቱ 150 ሚሊ ሜትር በሆነ ሶሌታ፣ ከታችኛው የኮንክሪት ፊት 120 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ የነበረበት የላይኛው ፌሮ ወደ 90 ቢወርድ፣ ሶሌታው በዚያ ቦታ ያለው የመሸከም አቅም ሩብ ያህል ይቀንሳል። ለማወቅም አስቸጋሪ አይደለም። ከካሳፎርማው እስከ ላይኛው ፌሮ ያለውን ከፍታ በሜትር መለካት፣ ደግሞም ፌሮውን በእግር ጫን ብሎ መመለስ አለመመለሱን ማየት ይበቃል። የሰመጠ ካለ ደጋፊዎቹ ተስተካክለው ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ይፈረማል።

ዘግይቶ የመጣ መሐንዲስ የትናንቱን ለማካካስ ፍተሻውን ማቻኮል ይቃጣዋል። ተቋራጩ ግማሽ ቀን ያጣው ይህ ፍተሻ እንዲደረግ ነው፤ ስለሆነም በሙሉ ጥንቃቄ ሊፈጸምለት ይገባል።