መጋዘኑ ሞልቶ ዕዳ ሲያስጨንቅ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ አንድ የቤት ዕቃ አስመጪ በዓመት ውስጥ የሚከፍለው 4 ሚሊዮን ብር ዕዳ አለበት እንበል። በባንክ 1 ሚሊዮን፣ ከዱቤ ደንበኞች የሚሰበስበው 2 ሚሊዮን፣ በመጋዘን ደግሞ የ5 ሚሊዮን ብር ዕቃ አለው። ድምሩ 8 ሚሊዮን ለ4 ሲካፈል 2 ይሆናል፤ ከረንት ሬሾ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ብር ዕዳ ሁለት ብር አለ ማለት ነው።

ዕቃው ቶሎ ባይሸጥስ? ኩዊክ ሬሾ የመጋዘኑን ዕቃ ከስሌቱ ያወጣል፤ የቀረው 3 ሚሊዮን ለ4 ሲካፈል 0.75 ነው። ለአንድ ብር ዕዳ 75 ሳንቲም ብቻ!

በየቀኑ በጥሬ ገንዘብ ለሚሸጥ ሱፐርማርኬት ይህ ላያሰጋ ይችላል። አስመጪያችን ግን በዱቤ ስለሚሸጥ፣ ደንበኞቹ ከዘገዩ 75 ሳንቲሙም አይሞላም። ስለዚህ ከሬሾው ጎን ዱቤው መቼ እንደሚሰበሰብ፣ ዕዳው መቼ እንደሚከፈል ይታይ።