«12 ሺህ ሰዎች» ያልነው ቁጥር

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የማርመው ነገር አለ። ባለፈው ሪፖርታችን ላይ ለዐቢይ ጾም በፌስቡክ ያወጣነውን የሽሮ ማስታወቂያ «12 ሺህ ሰዎች አዩት» ብለን ጽፈናል። ቁጥሩ ልክ ነው። የተሳሳተው «ሰዎች» የሚለው ቃል ነው፤ ሂሳብ ሠራተኛዋ እኔ ነኝና ጥፋቱም የእኔ ነው።

12 ሺህ ኢምፕሬሽን ነበር፤ ማለትም ማስታወቂያው በስክሪን ላይ የወጣበት ጊዜ ብዛት። ሪች የሚባለው ቢያንስ አንድ ጊዜ የደረሳቸው አካውንቶች ብዛት ሲሆን እሱ 3 ሺህ ነበር። በእቁባችን 30 አባላት ለ10 ዙር ሲከፍሉ 300 ደረሰኝ ይቆረጣል፤ 300 አባል አለን ግን አንልም። 12 ሺህን ለ3 ሺህ ስናካፍል ያው ሰው በአማካይ 4 ጊዜ አይቶታል ማለት ነው። አሁን ገጹ ላይ Views የሚለው ቁጥርም እንዲሁ ሰው አይቆጥርም።

ሦስተኛው ኢንጌጅመንት ሬት ነው። ላይክ፣ አስተያየትና ሼር ተደምሮ 90 ሆነ፤ ለ3 ሺህ ሲካፈል 3 በመቶ። ለኢምፕሬሽን ያካፈለ ግን 0.75 በመቶ ያገኛል። ስለዚህ በምን እንደተካፈለ ያልተጻፈበትን መቶኛ አትመኑ።

ገበያተኞች የደንበኛን መንገድ በፈነል ይመስሉታል፤ ዘይት ወደ ጠርሙስ የምንገለብጥበት፣ አፉ ሰፊ ታቹ ጠባብ ዕቃ። አፉ ላይ ገና የማያውቁን ሰዎች ስላሉ የሚታየው ሪች ነው። ኢምፕሬሽን እያደገ ሪች ከቆመ ገንዘባችን ለነዚያው ሰዎች እየደጋገመ ነው። መደጋገሙ የሚጠቅመው ለማስታወስ ሲፈለግ ነው፤ ለምሳሌ ጾሙ ሊገባ ሲል።

መሃል ላይ፣ አውቀውን እያመነቱ ላሉት፣ ኢንጌጅመንት ሬት ይታያል። እህቶቻችን በርበሬ ሲቀነጥሱ የተቀረጸው ቪዲዮ 800 ሰው ጋ ብቻ ደርሶ 72 ምላሽ አገኘ፤ 9 በመቶ ነው። አስተያየቶቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። በሽሮው ስር የበዛው «ጎበዞች» ነበር። በቪዲዮው ስር ግን «ኪሎው ስንት ነው?» «ቤት ታደርሳላችሁ?» የሚል። ላይክም ጥያቄም እኩል አንድ ስለሚቆጠሩ ይህን መቶኛው አይነግረንም።

ታች፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ጋ፣ ሦስቱም አያገለግሉም። እዚያ የምናየው የትእዛዝ ደብተሩን ነው፦ ከሽሮው ማስታወቂያ 4 ገዢ፣ ከቪዲዮው 11።

ለቀጣዩ ማስታወቂያ 6 ሺህ ብር ተጠይቋል። እኔ የምለው፣ 2 ሺህ ብር ለቪዲዮው እንመድብና ገጻችንን ለማይከተሉ ሰዎች እናድርሰው። በሳምንቱ ሪቹ ካልጨመረ እናቁመው። ደብተሩ ላይም «የት አዩን?» የሚል ዓምድ ይጨመር፤ እስካሁን የጠየቅነው በቃል ነበር፣ ሁለት ገዢዎችም ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ቀርቷል። የታረመው ሪፖርት ለደጋፊዎቻችን ሰኞ ይላካል።