«በሚመችዎ ጊዜ» የተባለው ዕዳ

ዛሬ የማወራችሁ ከውጭ አገር አቅራቢ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣና በአማርኛ ተተርጉሞ ለሥራ አስኪያጁ ስለሚቀርብ የሥራ ኢሜይል ነው። በተለይ ገንዘብ ስለሚጠይቀው።

አንድ ዕቃ አቅራቢ «ኢንቮይሱን አያይዤ ልኬያለሁ፣ አውትስታንዲንግ ባላንሱ 4,000 ዶላር ነው» ብሎ ጻፈ እንበል። ተርጓሚው ቃል በቃል ሄዶ «ደረሰኙ ተያይዟል፣ የላቀው ሚዛን 4,000 ዶላር ነው» ይላል። «የላቀው ሚዛን» ለጆሮ ስለሚጎረብጥ አንባቢው ወዲያው ይጠረጥራል፤ ያልተከፈለ ቀሪ ሂሳብ ማለት እንደሆነ ጠይቆ ይደርስበታል። የሚያስፈራው «ደረሰኝ» ነው፤ ምንም አይጎረብጥም። በእኛ ዘንድ ደረሰኝ ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ገንዘቡ ተከፍሎ ማስረጃ እንደተቆረጠ ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ «ይኼማ ተከፍሏል» ብሎ ወረቀቱን ወደ ፋይል ይመራዋል። እርግጥ «የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ» የሚባል ሰነድ አለን፤ እሱ ገንዘብ ሳይገባም ይቆረጣል። ዱቤ የሚለው ቃል ከሌለ ግን ልዩነቱ አይታይም። «የክፍያ መጠየቂያ» ቢባል ማንም አይሳሳትም።

ኢሜይሉ ይቀጥልና አቅራቢው «አት ዩር ኧርሊየስት ኮንቪኒየንስ» እንዲከፈለው ይለምናል። ቃሉን የተከተለ ተርጓሚ «በሚመችዎ ጊዜ» ይለዋል። በአማርኛ በሚመችዎ ጊዜ የተባለ ባለዕዳ የሚያስቸኩለው የለም፤ ለሚቀጥለው ወር ቢያቆየውም ቅር የሚሰኝ አይመስለውም። አቅራቢው ግን በትሕትና እያጣደፈ ነው። አክብሮቱንም ጥድፊያውንም የሚይዘው «በተቻለዎ ፍጥነት እንዲከፍሉን በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚለው ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ቀኑ ነው። መክፈያው 05/09/2025 ተብሏል። ላኪው አሜሪካዊ ከሆነ ወሩን ያስቀድማልና ሜይ 9 ነው፤ በእኛ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.። እንግሊዛዊ ከሆነ ቀኑን ያስቀድማል፤ ሴፕቴምበር 5፣ ማለትም ነሐሴ 30 ቀን 2017 ይሆናል። ወደ አራት ወር የሚጠጋ ልዩነት ነው። ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ ዓመቱን ብቻ 2017 ያደረገ ደግሞ ግንቦት 5 ላይ ይወድቃል፤ ያ ቀን ከሁለቱ አንዱንም አይደለም። የኢሜይሉ ፊርማ ሥር ያለው አድራሻ ፍንጭ ይሰጣል፤ እርግጠኛ የሚያደርገው ግን ላኪውን መጠየቅ ነው።

በየቢሮው ይህን ሥራ የምትሠሩ እኅቶችና ወንድሞች፣ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፤ ከጎኑም የፈረንጁን ቀን አስቀምጡ። ትርጉሙንም ከመላካችሁ በፊት እንግሊዝኛውን ላላየ የሒሳብ ሠራተኛ አንብቡለትና «ስንት፣ ለማን፣ እስከ መቼ እንከፍላለን?» ብላችሁ ጠይቁት። ካልመለሰ ትርጉሙ ገና አላለቀም።